የንግድ ቤት ኪራይ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአቶ ይበልጣል ገረመው ታከለ
የባህል ልብስ ስፌትና ሽያጭ ሱቅ
ባሕር ዳር

ከ፦ ወይዘሮ እናኑ ደረሰ አለነ፣ አከራይ

ጉዳዩ፦ የንግድ ቤት ኪራይ ውሉ ከሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቋረጥ መሆኑን ስለማሳወቅ

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘውን፣ የፊት ሱቅና የኋላ መስፊያ ክፍል ያለውን የንግድ ቤት ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከባለቤቴና ከእኔ ተከራይተው ሲሠሩበት ቆይተዋል። የመጨረሻው የጽሑፍ ውላችን ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት የተፈረመ ሲሆን፣ ዘመኑ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. አልቋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ውል ሳንፈርም በወር 18,000 (አሥራ ስምንት ሺህ) ብር ኪራይ ቀጥለናል። ውሉ በአንቀጽ 7 ላይ ዘመኑ ካለቀ በኋላ ተከራዩ በቤቱ ከቀጠለ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ የሦስት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችል ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ውሉን የማቋርጥ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አሳውቅዎታለሁ።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሚቆጠረው ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ውሉ የሚያስገድደኝ ሦስት ወር ብቻ ቢሆንም የሰጠሁዎት ስድስት ወር ወይም 180 ቀን ነው። በሦስት ወር ቢሆን ኖሮ ጊዜው መጋቢት 30 ቀን ያበቃና ለፋሲካ አራት ቀን ሲቀር ዕቃ ጫኑ ማለት ይሆንብኝ ነበር። የእርስዎ ሥራ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት፣ በፋሲካና ከፋሲካ በኋላ በሚመጣው ሠርግ ላይ የቆመ መሆኑን ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ስላየሁት አውቀዋለሁ። የተቀበሉትን ትዕዛዝ ሁሉ በዚሁ ቤት ሰፍተው እንዲያስረክቡ እፈልጋለሁ። ሰኔ 30 የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነም አዲሱን ዓመት በአዲሱ አድራሻ ለመጀመርና የንግድ ፈቃድዎን በዚያው አድራሻ ለማሳደስ ያመችዎታል።

ለማቋረጥ ያበቃኝን ምክንያት ሳልሸፋፍን እገልጻለሁ።

ቤቱ ባለቤቴ በ1974 ዓ.ም. ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ከላዩ በሲሚንቶ ቢለሰንም ውስጡ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ቦታው ለሐይቁ ቅርብ በመሆኑም ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበቱ ከመሬት ወደ ግድግዳው ይወጣል። ባለፈው ነሐሴ የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ሲገፋና ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፍት አብረን አይተናል። ጣቃዎቹን ከመደርደሪያው ላይ እያወረድን ወደ ፊት ያሸጋገርንበትን ሌሊት የሚረሱት አይመስለኝም። በመስከረም ወር ያስመጣሁት መሐንዲስ ልስኑን በሁለት ቦታ አስነሥቶ ሲመለከት ሁለቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ከሥራቸው በስብሰዋል፤ ማገሩንም ምስጥ በልቶታል። በጽሑፍ የሰጠው አስተያየት ቤቱ በጥገና የሚድን አለመሆኑን፣ ከውጭ የተደረገው የእንጨት ድጋፍም ለበጋ እንጂ ለሌላ ክረምት እንደማይበቃ ይናገራል። የአስተያየቱን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ከፈለጉ የራስዎን ባለሙያ አምጥተው ያሳዩት፣ በሩን እከፍታለሁ።

ከዚያ ግድግዳ ሥር ሁለት ልብስ ሰፊዎች ቀኑን ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ናት። ይህን እያወቅሁ በየወሩ ኪራይ እየተቀበልኩ ዝም ብል ሊደርስ ለሚችለው ነገር በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ተጠያቂ ነኝ። ስለዚህ ቤቱ በሐምሌ ይፈርሳል። ሐይቁና ዝናቡ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ስለሚያደርጉት በክረምት መሠረት መቆፈር አይቻልም፤ ቁፋሮው የሚጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። የአዲሱ ሕንፃ ንድፍ ተሠርቶ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄው ለከተማው አስተዳደር ቀርቧል።

ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ታናሿ ልጄ የፋርማሲ ትምህርቷን ጨርሳ በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ነው። አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ በምድር ቤቱ ካሉት ሦስት ሱቆች የማዕዘኑን ለእርሷ መድኃኒት መደብር አስቤዋለሁ። አሁን እርስዎ ያሉበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ በትክክል ወደነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ ብዬ ቃል አልገባም። ከቀሩት ሁለት ሱቆች አንዱን ግን ለማንም ከማከራየቴ በፊት ለእርስዎ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ጥያቄው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ እስከ 30 ቀን ድረስ መልስዎን እጠብቃለሁ።

በገበያው ውስጥ «እናኑ ተከራይዋን የምታስወጣው ለባንክ በእጥፍ ልታከራየው ነው» የሚል ወሬ እንዳለ ሰምቻለሁ። ያለቀስኩበት ወሬ ነው። ከማንም ባንክ ጋር አልተነጋገርኩም፤ ከእርስዎ በቀር ለማንም ቤቱን አላሳየሁም። ለቃሌ ማሰሪያ እንዲሆን የሚከተለውን እፈርማለሁ፦ የቆመውን ቤት ከለቀቁ በኋላ ለአንድም ቀን ለሌላ ሰው አላከራየውም፤ እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ካላፈረስኩት ደግሞ የመጓጓዣ ወጪዎን በደረሰኝ ከፍዬ፣ ቤቱን በራሴ ወጪ አስደግፌና ለሰው የማያሰጋ መሆኑን በባለሙያ አረጋግጬ፣ በዚያው ኪራይ መልሼ አስረክብዎታለሁ።

በኅዳር ወር ስንነጋገር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ጠቅሰው ነበር። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት እንጂ የእኛን ዓይነት የንግድ ቤት የሚገዛ አይደለም። በመካከላችን የሚሠራው የፈረምነው ውልና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ሕጉም በቁጥር 1731 ላይ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ መሆኑን ይናገራል። ይህ ማስጠንቀቂያ በእርስዎ ጥፋት የተሰጠ አለመሆኑንም በግልጽ መጻፍ አለብኝ። በሰባት ዓመት ተኩል ውስጥ ኪራይ ያዘገዩት አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም አስቀድመው ነግረውን ነው። አዲስ አከራይ ስለ እርስዎ ቢጠይቀኝ ይህንኑ በፊርማዬ እመሰክራለሁ።

ሒሳባችን እንደሚከተለው ነው። እስከ መጋቢት 30 ያለውን ኪራይ ከፍለዋል። የሚያዝያና የግንቦት ኪራይ 36,000 (ሠላሳ ስድስት ሺህ) ብር እንደተለመደው ሚያዝያ ወር በገባ በአምስት ቀን ውስጥ በባንክ ሒሳቤ ይገባል። የሰኔን ኪራይ አልቀበልም። ዝናቡ በሰኔ ስለሚጠነክር የኋላው ክፍል ከግንቦት 30 በኋላ ሰው እንዳይቀመጥበት እጠይቃለሁ፤ ግማሹን ቤት ለከለከልኩበት ወር ሙሉ ኪራይ መቀበል አግባብ አይደለም። ማሽኖቹን እስከዚያ ቀን ወደ ፊት ሱቅ ያሸጋግሩልኝ። እንዲጸና አጥብቄ የምለምነው ይህ ነው፤ ስለ ሌላው ሁሉ ልንነጋገር እንችላለን፣ በዚህ ላይ ግን አልደራደርም።

በ2015 ዓ.ም. ወለሉን ሴራሚክ ሲያስነጥፉ 46,000 (አርባ ስድስት ሺህ) ብር ማውጣትዎን በደረሰኝ አሳይተውናል፤ ባለቤቴም በሕይወት ሳሉ ግማሹን እንጋራለን ብለው ነበር። የእርሳቸው ቃል በወረቀት ባይሰፍርም ለእኔ ዕዳ ነው። ስለዚህ 23,000 (ሃያ ሦስት ሺህ) ብር እከፍላለሁ። ያስያዙት መያዣ 36,000 (ሠላሳ ስድስት ሺህ) ብር ሲጨመርበት ቁልፉን በሚያስረክቡበት ቀን ከእኔ የሚቀበሉት 59,000 (ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ) ብር ይሆናል፤ የሚቀነሰው ያልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ካለ ብቻ ነው። የመስታወት መደርደሪያዎቹ፣ የልብስ መለኪያው ክፍል መጋረጃና መስታወት፣ በራስዎ ወጪ ያስገጠሙት የበሩ ብረት መዝጊያና ውጭ ያለው የሱቁ ማስታወቂያ የእርስዎ ናቸው፤ ነቅለው ይውሰዱ። ቤቱ የሚፈርስ ስለሆነ ቀለም ቀቡ፣ ቀዳዳ ድፈኑ አልልም። የመብራት ቆጣሪውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን ማንም እንዳይነካው፣ ሲፈርስ አደጋ እንዳያመጣ በባለሙያ ይቆረጣል።

በነዚህ ስድስት ወራት ሱቁን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም በላዩ ላይ ደባል ማስገባት በውሉ አንቀጽ 5 የተከለከለ መሆኑን አስታውሳለሁ። ከሰኔ 30 በፊት ቤት አግኝተው ለመልቀቅ ቢፈልጉ የአሥር ቀን ማስታወቂያ ይበቃኛል፤ ያልተቀመጡበትን ቀን ኪራይ አስቤ እመልሳለሁ። ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ ቤቱ ባይለቀቅ ግን ለሚፈጠረው አደጋ ኃላፊነቱ የእኔ ሊሆን ስለማይችል ለፍርድ ቤት ለማመልከት እገደዳለሁ። እዚያ እንድንደርስ አልፈልግም።

ቤት ለመፈለግ እኔም አብሬ እየጠየቅሁ ነው። ከገበያው ብዙ ያልራቁ ሁለት ቤቶች እንደሚለቀቁ ሰምቻለሁ፤ ባለቤቶቹን አውቃቸዋለሁ፣ በፈለጉበት ቀን አብረን ሄደን እናናግራለን። ባለቤቴ ሲያርፉ ሦስት ቀን ሱቅዎን ዘግተው ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ሲያስተናግዱ የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ልጆቼም ጋሼ ይበልጣል እያሉ ነው ያደጉት። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት በዚህ የተነሣ ነው። ግድግዳው ግን አይጠብቀንም።

ማስጠንቀቂያው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በሁለት ምስክሮች ፊት በእጅ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንድ ተጨማሪ ቅጂ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላካል። በእኔ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ የሚያኖሩት ፊርማ ደብዳቤው መድረሱን ብቻ ያሳያል፤ በይዘቱ መስማማትዎን አያሳይም። አስተያየት ወይም ተቃውሞ ካለዎት እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ ቢሰጡኝ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ለመነጋገር ከሆነ ቤቴን ያውቁታል፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አለሁ፣ ቡናውም አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር

እናኑ ደረሰ አለነ
አከራይ
(ተፈርሟል)

አባሪ፦ የመሐንዲሱ የጽሑፍ አስተያየት ቅጂ፤ የሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የኪራይ ውል ቅጂ፤ የሴራሚክ ሥራው ደረሰኝ ቅጂ