አስቸኳይ፦ የዝናብ ውሃ ከመብራት ሽቦ ጋር ተገናኝቷል፤ እስከ ዓርብ ሐምሌ 18 መጠገን አለበት

ማክሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ደብረ ዘይት ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? የእትዬ ጉልበትስ ተሻለው?

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርዎ። ኮርኒስ ውስጥ የገባው የዝናብ ውሃ ከመብራት ሽቦው ጋር ተገናኝቷል። የጓዳው ግድግዳና የብረት በሩ ይነዝራሉ። ሥራው እስከ ዓርብ ሐምሌ 18 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ማለቅ አለበት። ለእርሶ መደወል ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ግን በስልክ የተባለ ይረሳል። ስለዚህ ሁሉንም በጽሑፍ አደረግሁት። ፎቶዎቹንና አንድ አጭር ቪዲዮ ከዚህ በታች ልኬያለሁ።

ሰኔ 28 ደውዬ ጣሪያው ማፍሰስ መጀመሩን ነግሬዎት ነበር። ያን ጊዜ ጠብታ ብቻ ነበር። ከጓዳው ጥግ በኩል በቀስታ ይንጠባጠብ ነበር፤ ባልዲ አስቀምጬ አደርኩ። እርሶም «ክረምቱ ጋብ ሲል ቆርቆሮውን አስቀይራለሁ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ጠብታ ስለነበረ መታገስ ይቻል ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል።

እሑድ ማታ ያን ከባድ ዝናብ ያስታውሳሉ፤ በረዶም ነበረበት። ሁለት ሰዓት ገደማ ልጄን ራት እያበላሁት ነው። ቀና አለና «እማዬ፣ አምፖሉ እያለቀሰ ነው» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ውሃው ኮርኒሱን አልፎ፣ የአምፖሉን ገመድ ይዞ ወርዶ፣ ከአምፖሉ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ የልጁ ሳህን አለ። መብራቱ እንደበራ ነው። ልጁን አንስቼ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። ከዚያ ተመልሼ ማብሪያ ማጥፊያውን ልነካ ስል ግድግዳው ላብ እንዳላበው እርጥብ ሆኖ አገኘሁት፤ እጄን ሰበሰብኩ። ዋናውን ብሬከር ያወረዱልኝ የፊት ለፊት ቤት ጎረቤት ናቸው። የጎማ ጫማ አድርገው፣ በደረቅ እንጨት ገፍተው ነው ያወረዱት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ጠዋት ዝናቡ ሲያቆም ደርቋል ብዬ አስቤ ብሬከሩን አነሳን። መብራቱ መጣ። ጓዳ ልገባ የብረት በሩን እጀታ ስይዝ ነዘረኝ። ቀላል አልነበረም። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ደነዘዘ፤ እጄ ለአፍታ እጀታው ላይ የቀረ መሰለኝ። ወዲያው መልሰን አጠፋን። ጋሼ፣ ያን እጀታ በቀን አሥር ጊዜ የሚይዘው የአራት ዓመት ልጅ ነው። ከመጫወት የመጣ፣ እጁ እርጥብ፣ እግሩ ባዶ። ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ይሄ ነው።

ትናንት ከሰዓት የመብራት ባለሙያ አስመጥቼ አሳየሁ። ለማየት ብቻ 500 ብር ከፍያለሁ፤ እሱን አልጠይቅዎትም። ባለሙያው ኮርኒሱን በአንድ በኩል ከፍቶ ገባ። ያገኘውን በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን ክዳን የለውም፤ ውስጡ ውሃ ቆሟል። የሽቦው ላስቲክ ከጊዜ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ቦታ ላይ ጠቁሮ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። እንጨቱም ጫፉ ተለብልቧል። ባለሙያው እንዳለኝ ሾርት አድርጎ ሳይነድ የቀረው እንጨቱ ስለረጠበ ነው። የመሬት ሽቦም የለውም። ብሬከሩ ለጭነቱ ትልቅ ስለሆነና ስላረጀ ችግር ሲኖር በራሱ አይወድቅም። እሑድ ማታ ያን ሁሉ ውሃ ይዞ ያልወደቀው ለዚህ ነው። 220 ቮልት ደግሞ ከእርጥብ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ቀልድ አያውቅም።

ውሃው የሚገባበትንም አየን። በኋላ በኩል፣ ከጎረቤት አጥር በላይ፣ ሁለት ቆርቆሮ ምስማሩ ለቆ ጫፉ ተነስቷል። አሸንዳውም በቅጠልና በጭቃ ተደፍኗል። ስለዚህ ውሃው መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በተነሳው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። አሸንዳውን ትናንት ማታ የጎረቤት ልጅ መሰላል ተውሶ ጠርጎልኛል። ቆርቆሮው ላይ ግን ላስቲክ ዘርግተን ድንጋይ ከመጫን በቀር ምንም አልሠራንም። ላስቲኩ አንድ ነፋስ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ያለንበትን ልንገርዎ። የኋላ ቤት መብራት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ማታ ማታ እኔና ልጄ የምናድረው ጎረቤት ቤት፣ ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነው። ፍሪጁን ነቅያለሁ። ምግብ የማበስለው በረንዳ ላይ በከሰል ነው፤ ከሰሉን ቤት ውስጥ ማስገባት አልፈልግም። ይሄ ለሁለት ለሦስት ቀን ይቻላል። ሰው ቤት ግን እንግድነት ሲረዝም ያሳፍራል፤ እነሱም አምስት ሆነው ነው በሁለት ክፍል የሚኖሩት።

ደግሞ ጉዳዩ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት ሆነን በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። የፊት ለፊቱ ቤት ያሉት እናት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እሳት ቢነሳ ሮጠው የሚወጡ አይደሉም። ኮርኒሱና የጣሪያው እንጨት ከእነሱ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ጋ የተነሳ እሳት እኔ ጋ አይቆምም። የእሳት አደጋን ቁጥር 939 በሩ ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ልጽፈው ግን አልፈልግም ነበር። ችግሩ ከቆጣሪው ወዲያ ማዶ፣ ምሰሶው ላይ ቢሆን 905 ደውዬ እጠብቅ ነበር። ይሄ ግን ከቆጣሪው ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው።

ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ስኖር በምን እንደማስቸግርዎ ያውቃሉ። የቧንቧ ጎማ ስቀይር፣ ቁልፍ ሲበላሽ፣ መስኮት ሲሰበር ለእርሶ ደውዬ አላውቅም። ኪራዩንም በየወሩ በ1 በባንክ አስገብቼ ደረሰኙን እልክልዎታለሁ። ጣሪያና በግድግዳ ውስጥ የሚሄድ የመብራት መስመር ግን የተከራይ ጥገና አይደለም። ወረዳ ሄደን ባስመዘገብነው ውል ላይም በአጠቃቀም ያልመጣ ብልሽት በአከራይ እንደሚጠገን ተጽፏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ይሄን የጠቀስኩት ልከራከርዎ ብዬ አይደለም። በኋላ «አልነገርሽኝም» ወይም «የማን ነው?» የሚል ነገር እንዳይመጣ ነው።

የዋጋውን ነገር ጠይቄልዎታለሁ። የመብራቱን ሥራ፣ ማለትም የጓዳውንና የመኝታ ቤቱን መስመር አዲስ መዘርጋት፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ለአምፖል ባለ 1.5 ሽቦ፣ ክዳን ያለው ሳጥን፣ የመሬት ሽቦና ሁለት አዲስ ብሬከር፣ ከነእጅ ዋጋው 11,500 ብር ብሎኛል። ቆርቆሮውን ሁለት ቀይሮ ሌላውን በላስቲክ ባለው ምስማር መልሶ ለመምታት ሌላ ሠራተኛ 4,200 ብር ጠይቋል። በድምሩ 15,700 ብር ነው። እርሶ የሚያምኑት ርካሽ ባለሙያ ካለዎት ደስ ይለኛል፤ እሱን ይላኩ። ብቻ ሥራውን የሚያውቅ ይሁን። ያለፈው ዓመት የመጣው ልጅ ሽቦውን በፕላስተር ጠቅልሎ ነው የሄደው፤ የጠቆረውም ያ ቦታ ነው።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብ። መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ መብራቱ። ጣሪያው ሳይደፈን አዲስ ሽቦ ቢዘረጋ ገንዘብዎን ውሃ ላይ መጣል ነው። ሠራተኛው ሐሙስ ጠዋት ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያ ላይ ከወጣ ለምሳ ይጨርሳል። የመብራቱ ሰው ደግሞ ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ቢሠራ ይበቃዋል።

ዓርብን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም። ቅዳሜ ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው፤ ሠራተኛ አይገኝም። እሑድም እንደዚያው። ዓርብ ካመለጠን ሰኞ ሆነ ማለት ነው። ሐምሌ ደግሞ ሰኞን አይጠብቅም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እስከ ነገ ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ድረስ ማን እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ይንገሩኝ። በቴሌግራም «እሺ» ብለው ቢጽፉልኝም ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሥራው ዓርብ 11 ሰዓት ላይ አልቆ ባለሙያው መብራቱን አብርቶ በሩንና ግድግዳውን በመሞከሪያ ፈትሾ ያስረክበኝ።

ነገ ማታ ድረስ መልስ ካላገኘሁ፣ ሐሙስ ጠዋት እነዚህኑ ሁለት ሠራተኞች በራሴ ገንዘብ አስገባለሁ። ከእህቴ ተበድሬም ቢሆን። ያወጣሁትን ከነሐሴና ከመስከረም ኪራይ ላይ አቻችላለሁ። የዕቃውን ደረሰኝ፣ የሠራተኞቹን ፊርማና የእያንዳንዱን ሥራ ፎቶ እልክልዎታለሁ። አሮጌውን ሽቦና ብሬከርም አስቀምጥልዎታለሁ፤ መጥተው በዓይንዎ እንዲያዩት። ከ15,700 ብር የሚያልፍ ነገር ከመጣ ሳልደውልልዎ አንድ ብር አላወጣም። ይሄን መንገድ ግን አልመርጥም። ቤቱ የእርሶ ነው፤ እርሶ ቢያሠሩት ነው ደስ የሚለኝ።

ሰው ለሚልኩ፦ እኔ እስከ 11 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ቁልፉን ፊት ለፊት ቤት ለእማማ ሰጥቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ አሉ። መሰላል ግቢ ውስጥ አለ። የመጣው ሰው ዋናውን ብሬከር ሳያወርድ የጓዳውን በር እንዳይነካ አደራ ይበሉት። በሩ ላይም በቀይ ጽፌበታለሁ። ስልኬ ሥራ ቦታም ክፍት ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ።

እትዬን ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ
የኋላ ቤት ተከራይዎ ሰናይት