የሂሳብ ሥራ ውላችንን ስለ ማቋረጥና ሰነዶቻችንን ስለ መረከብ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም

ጋሽ መስፍን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ነገሩን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን በጽሑፍ ቢሆን ለሁላችንም ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት። ከ2011 ጀምሮ ሂሳባችንን ስትሠሩልን የቆያችሁበትን ውል ከነሐሴ 30 ቀን 2017 ጀምሮ አቋርጠናል። ውላችን የ30 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ማስታወቂያ ይያዝልኝ።

ምክንያቱን ያውቁታል፣ ሆኖም ዝም ብዬ አላልፈውም። ካለፈው ዓመት ወዲህ የእኛን ፋይል የሚይዘው ሠራተኛ ሦስቴ ተቀይሯል፣ በተቀየረ ቁጥር እኛ ደግሞ ከሀ ጀምረን እናስረዳለን። የግንቦት ጡረታ ቀኑ አልፎ ገባና ቅጣቱን ከፈልን። ማን እንዳዘገየው ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። እርስዎን በግል አልቀየምም፣ ሱቁ ገና ሲከፈት ከጎናችን ነበሩ፣ ያንን አልረሳም። ግን ሥራው በዚህ አኳኋን መቀጠል አይችልም።

አዲሷ ሂሳብ ሠራተኛችን ወይዘሮ ትዕግስት ትባላለች፣ የተፈቀደላት የሂሳብ ባለሙያ ናት። የ2017 ዓመታዊ ግብር የምታሳውቀው እሷ ነች። እኛ ደረጃ ሀ ስለሆንን ጊዜው እስከ ጥቅምት 30 ቢሆንም፣ መስከረምና ጥቅምት እንዴት እንደሚሮጡ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ሰነዶቹን በነሐሴ ውስጥ እንፈልጋቸዋለን። የሐምሌን ቫት፣ የደመወዝ ግብርና ጡረታ ግን እናንተው ታስገባላችሁ። ያው ነሐሴ ሳያልቅ ነው፣ ውሉም እስከዚያ ይሠራል። ከነሐሴ ወር ሂሳብ ጀምሮ ያለው በእሷ በኩል ይሆናል።

አሁን ስለ ሰነዶቹ። ገቢዎች ግብር ካሳወቅንበት ቀን ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመረምረን ይችላል፣ ሲመጣ ደግሞ ሰነድ የሚጠይቀው እናንተን ሳይሆን እኛን ነው። ስለዚህ ከ2012 እስከ 2017 ያለው ሁሉ ይሰጠን፣ ከዚያ በፊት ያለ ካለም አብሮ ይምጣ።

በመጀመሪያ ፒችትሪው። በፒዲኤፍ የታተመ ሪፖርት ብቻ አይበቃንም፣ ትዕግስት ሂሳቡን ከፍታ መቀጠል አለባት። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዓመት ባክአፕ ፋይል፣ ያ `.ptb` የሚለውን፣ በፍላሽ ገልብጣችሁ ስጡን፣ የሚከፈትበትን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድም ጨምሩበት። ከዚያ ጋር የሰኔ 30 ትሪያል ባላንስ፣ የቋሚ ንብረቶች መዝገብ ከነእርጅና ቅናሹ፣ የዕቃ ቆጠራው ዝርዝርና የባንክ ማስታረቂያው ይምጣ። የእናንተን የውስጥ ማስታወሻ አልጠይቅም። ግን ግብር ያሳወቃችሁባቸው ቁጥሮች የወጡበት ሠንጠረዥ የእኛ ነው።

የገቡ ማሳወቂያዎች ሁሉ፣ የቫት፣ የደመወዝ ግብር፣ የጡረታ፣ የዊዝሆልዲንግና የዓመታዊው፣ ከነክፍያ ደረሰኛቸው ይሰጡን። በቫቱ ላይ ወደሚቀጥለው ወር የዞረ ቀሪ ሂሳብ ካለ ስንት እንደሆነ በግልጽ ጻፉልን፣ ምክንያቱም በሚያዝያና በግንቦት ማሳወቂያዎች መካከል ያየሁት ቁጥር አልገጠመልኝም።

ካርቶኖቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ያለፈው መጋቢት ቢሮአችሁ ስመጣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጎን ተደርድረው አይቻቸዋለሁ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፍንባቸው የእኛው ካርቶኖች ናቸው። በተለይ «ትምህርት ቤቶች» የሚለውን በጥንቃቄ እንዲያወጡልኝ እለምናለሁ። እዚያ ውስጥ ያሉት፣ ደብተርና ወረቀት ሲገዙን 2 በመቶ ቀንሰው የሰጡን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች ናቸው፣ ኦሪጅናሎቹ። ከዓመታዊው ግብር ላይ የሚቀነሱልን በእነሱ ነው። አንዷ ከጠፋች በእሷ ልክ ሁለቴ ከፈልን ማለት ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖቹም እንደዚያው፣ ከውጭ ላስገባነው ዕቃ የከፈልነው ቫትና 3 በመቶው የሚታየው እነሱ ላይ ነው።

የካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርቶችስ? ያ ወረቀት ቀለሙ ይለቃል። የ2013ቱን ባለፈው ሳወጣው ከላይ ያለው ቀን ብቻ ነው የሚነበበው፣ ድምሩ ነጭ ሆኗል። እናንተ ዘንድ ስካን ወይም ፎቶኮፒ ካላችሁ እሱንም ስጡን፣ ከሌላችሁም ያው ወረቀቱን፣ ፀሐይ ሳይነካው።

ኢ-ታክሱ ላይ የተመዘገበው ስልክ ከእናንተ የለቀቀው ልጅ ስልክ ነው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ አሁንም ለእሱ ነው የሚሄደው። ይሄ እንቅልፍ ይነሳኛል ጋሽ መስፍን። የሐምሌውን ማሳወቂያ እንዳስገባችሁ ወደ እኔ ቁጥር እናዛውረው፣ አብረን ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን። ግብር ቅርንጫፍ ለሚመላለሰው ሠራተኛችሁ የሰጠሁትን የውክልና ደብዳቤም ነሐሴ 30 እሰርዛለሁ፣ ለቅርንጫፉም በደብዳቤ አሳውቃለሁ። ከቅርንጫፉ የመጣ ያልተመለሰ ጥያቄ ወይም ማስታወቂያ በእጃችሁ ካለ ግን እስከዚያ አትቆዩ፣ ዛሬውኑ ላኩልኝ።

ለርክክቡ ነሐሴ 17 ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይመቻችኋል? ጾሙም ተፈቶ ነው፣ ቢሮም ጭር ይላል። እኔ፣ ትዕግስትና የሱቁ ሾፌር እንመጣለን። የሰነዱን ዝርዝር አስቀድማችሁ አዘጋጁት፣ በሁለት ኮፒ ይታተም፣ እያየን ምልክት አድርገን በሁለቱም ላይ እንፈርማለን። የጎደለ ካለ እዚያው ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፣ መቼ እንደሚመጣም ቀን ይቀመጥለት። ቅዳሜው የማይሆን ከሆነ እስከ ነሐሴ 10 ሌላ ቀን ንገሩኝ፣ ከነሐሴ 24 ማለፍ ግን የለበትም።

ትዕግስት አንዳንድ ነገር ልትጠይቃችሁ ትደውላለች። ስለ ሂሳባችን የምትፈልገውን ሁሉ እንድትነግሯት በዚህ ደብዳቤ ፈቅጃለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል የ2017ን ፋይል ከሠራው ልጅ ጋር ብታገናኟት ደግሞ ለብዙ ሳምንት ከመጻጻፍ ያድነናል።

ክፍያ። የሰኔና የሐምሌ አልተከፈላችሁም፣ በወር 9,500 ሆኖ 19,000 ብር፣ ከነቫቱ 21,850 ይመጣል። ዊዝሆልዲንጉን ቀንሼ እስከ ፊታችን ዓርብ በባንክ አስገባለሁ፣ ደረሰኛችሁን አዘጋጁ። የነሐሴውን ደግሞ የሐምሌ ማሳወቂያዎች መግባታቸውን እንዳየሁ እከፍላለሁ። ሌላ ቀሪ አለ የምትሉት ካለ በጽሑፍ ላኩልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ። ስለ ግንቦቱ ቅጣት ደግሞ ለብቻው እንነጋገራለን። ያ ንግግር እስኪያልቅ ሰነድ ይቆይ የሚል ነገር ግን አይምጣ፣ ሰነዱ የድርጅታችን ነው፣ ለክርክር መያዣ አይሆንም።

ይህ ደብዳቤ መድረሱንና ቅዳሜው መሆን አለመሆኑን በሁለት ቀን ውስጥ በኢሜይል መልሱልኝ። በእጅ የተፈረመውን ኮፒ ነገ በመልእክተኛ እልካለሁ፣ የደረሰበትን ቀን ጽፋችሁ ፈርሙለት።

አክባሪዎ፣
ሰላማዊት
የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አራት ኪሎ

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ትዕግስት