ከካልኩለስ ፈተና በፊት ያለው ሳምንት፦ ለማናውቀው ሲሪስ ትክክለኛውን ቴስት ለመምረጥ የወጣ የጥናት ዕቅድ

ይህ ዕቅድ የተጻፈው ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ አብራችሁ ለምታጠኑት ለአምስታችሁ ነው። ፈተናው የሚቀጥለው ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለሆነ፣ ዛሬ ሰኞ ማታ ጀምረን እስከ ዓርብ በየቀኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንሠራለን፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር እንገናኛለን።

ዕቅዱን ያወጣሁት ባለፈው ሳምንት የሰጠኋችሁን አሥር ጥያቄዎች ካረምኩ በኋላ ነው። «በሬሾ ቴስት አሳዩ» ተብሎ በተጠየቀበት ቦታ ሁላችሁም ያለ ስህተት ሠርታችኋል። የቴስቱ ስም ባልተጠቀሰበት ቦታ ግን ከአምስታችሁ ሦስታችሁ `Σ (n²+3)/(n⁴−n+7)` ላይ ሬሾ ቴስት ጀምራችሁ፣ ግማሽ ገጽ አልጀብራ ከሠራችሁ በኋላ ሊሚቱ 1 ሆኖባችሁ ቆማችኋል። እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ ፈተና ላይ ይህንኑ ስህተት ሠርቼ ለሌላ ጥያቄ የሚበቃ ጊዜ አቃጥያለሁ። ስለዚህ የጎደላችሁ የስሌት ችሎታ አይደለም፤ ብዕር ከማንሳት በፊት ሲሪሱን አንብቦ የትኛው ቴስት እንደሚስማማው የመለየት ልምድ ነው። ይህ ልምድ ደግሞ ራሱን ችሎ፣ ከስሌቱ ተነጥሎ ሊለመድ ይገባዋል።

ሰኞ ማታ። ደብተር ሳትከፍቱ የእያንዳንዱን ቴስት ቅድመ ሁኔታ በአንድ ገጽ ላይ ከቃላችሁ ጻፉ፤ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ኢንቴግራል ቴስት ፈንክሽኑ አወንታዊ፣ ያልተቋረጠና እየቀነሰ የሚሄድ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሁለቱ የኮምፓሪዝን ቴስቶች ተርሞቹ አሉታዊ እንዳይሆኑ ይጠይቃሉ። ለማወዳደሪያ የምንጠቀምባቸው ሲሪሶች ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ጂኦሜትሪክ `Σ rⁿ`፣ `|r| < 1` ሲሆን ኮንቨርጅ የሚያደርገው፣ እና `Σ 1/nᵖ`፣ `p > 1` ሲሆን ኮንቨርጅ የሚያደርገው። የዜሮ ቴስት፣ ማለትም ተርሙ ወደ ዜሮ ካልሄደ ሲሪሱ ዳይቨርጅ ያደርጋል የሚለው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ መሆኑን በትልቁ ጻፉት። `Σ 1/n` ተርሙ ወደ ዜሮ ይሄዳል፤ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሚሊዮን ተርሞች ሲደመሩም ገና 14.39 አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ወሰን የለውም።

ማክሰኞ ማታ። ይህ ምሽት የሳምንቱ ዋና ምሽት ነውና ማንም እንዳይቀር አደራ እላለሁ። ሥራው `n` እጅግ ሲተልቅ ላዕሉም ታህቱም ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሚገዛ ማየት ነው። ቅደም ተከተሉ ከዝግተኛው ወደ ፈጣኑ እንዲህ ነው፦

```
ln n  <  nᵖ  <  aⁿ  <  n!  <  nⁿ      (p > 0, a > 1)
```

ይህን መስመር መሸምደድ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ትንንሽ ቁጥሮች ዓይን ያታልላሉ። `n¹⁰` እና `2ⁿ` ን ውሰዱ። `n = 10` ላይ የመጀመሪያው አሥር ቢሊዮን ሲሆን ሁለተኛው 1024 ብቻ ነው፤ ይህን ያየ ሰው `n¹⁰` ለዘለዓለም የሚመራ ይመስለዋል። ከ2 እስከ 58 ድረስም የሚመራው እርሱ ነው። 59 ላይ ግን `2ⁿ` ቀድሞት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላም አይደረስበትም። ሲሪስ ኮንቨርጅ ማድረጉን ወይም አለማድረጉን የሚወስነው ጅራቱ እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ወይም መቶ ተርሞች ስላልሆኑ፣ ፍርዳችን ሁልጊዜ ከዚህ ከሩቁ ቦታ ሆኖ የሚሰጥ ነው።

አሁን ወደተሳሳታችሁበት እንመለስ። `(n²+3)/(n⁴−n+7)` ውስጥ ላዕሉን የሚገዛው `n²`፣ ታህቱን የሚገዛው `n⁴` ስለሆነ ተርሙ በጠባዩ `1/n²` ነው፤ እንግዲህ ቴስቱ ሊሚት ኮምፓሪዝን፣ ማወዳደሪያው `1/n²`፣ መልሱ ኮንቨርጅ ያደርጋል የሚል ነው፤ ይህን ሁሉ ያወቅነው ምንም ሳንጽፍ ነው። `(5ⁿ + n¹⁰)/(7ⁿ − n³)` ከሩቅ ሲታይ ያስፈራል፤ ነገር ግን `n¹⁰` በ`5ⁿ`፣ `n³` ደግሞ በ`7ⁿ` ስለሚዋጥ የሚቀረን `(5/7)ⁿ` ነው። በዚህ ምሽት ሃያ ሲሪሶች እሰጣችኋለሁ፤ ለእያንዳንዱ የምትጽፉት «ይህ ተርም በጠባዩ ይህንን ይመስላል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። መፍታት የተከለከለ ነው። አንዳንዶቻችሁ እጃችሁ ወደ ስሌቱ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ ያን መሮጥ መግታት ራሱ የምሽቱ ትምህርት ነው።

ረቡዕ ማታ። ማክሰኞ ያያችሁትን ጠባይ ወደ ማረጋገጫ እንለውጣለን። ለፈተና የሚወጡት እንግዳ ሲሪሶች አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ሲሪስ ሌላ ልብስ ለብሶ የመጣባቸው ናቸው። `sin(1/n)` ለትልቅ `n` እንደ `1/n` ነው፤ `ln(1+1/n)` ም እንዲሁ። `1 − cos(1/n)` ግን እንደ `1/(2n²)` ስለሆነ ድምሩ ኮንቨርጅ ያደርጋል። `(√(n+1) − √n)/n` ሲገጥማችሁ ላዕሉን በ`√(n+1) + √n` አባዝታችሁና አካፍላችሁ ተመልከቱት፤ `1/(2n^(3/2))` የሚመስል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለት ወጥመዶችን ለየብቻ አንስተን እንወያይባቸዋለን። አንደኛው `Σ 1/n^(1+1/n)` ነው። ፓወሩ ሁልጊዜ ከ1 ስለሚበልጥ ኮንቨርጅ ያደርጋል ብሎ መጻፍ ይቀናል፤ ነገር ግን ደንቡ የሚናገረው ከ`n` ጋር ስለማይለዋወጥ ቋሚ `p` ነው። `n^(1/n)` ወደ 1 ስለሚሄድ ከ`1/n` ጋር በሊሚት ሲወዳደር ውጤቱ 1 ይሆናል፤ ስለዚህ ሲሪሱ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ሁለተኛው ሎጋሪዝም ነው። `(ln n)/n²` ላይ `ln n` ከ`√n` ያነሰ ፍጥነት እንዳለው አስታውሳችሁ ከ`1/n^(3/2)` ጋር አወዳድሩ። `1/(n ln n)` እና `1/(n (ln n)²)` ላይ ግን ከ`1/nᵖ` ጋር ማወዳደር አይረዳችሁም፤ እነዚህ የኢንቴግራል ቴስት ድርሻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ዳይቨርጅ፣ ሁለተኛው ኮንቨርጅ ያደርጋል።

ሐሙስ ማታ። ሬሾ ቴስት ፋክቶሪያልና ቋሚ ቁጥር በፓወር `n` ላሉበት፣ ሩት ቴስት ደግሞ ተርሙ ሙሉ በሙሉ በፓወር `n` ወይም `n²` ለታሰረበት ነው። `n` በተራ ፓወር ብቻ ባለበት ቦታ ሁለቱም 1 ስለሚሰጡ አትንኳቸው። `Σ n!/nⁿ` ላይ ሬሾው `(n/(n+1))ⁿ` ሆኖ ወደ `1/e`፣ ማለትም ወደ 0.37 ገደማ ይሄዳል። በ`2ⁿ` ቢባዛ `2/e` ከ1 ስለሚያንስ አሁንም ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ በ`3ⁿ` ቢባዛ ግን `3/e` ከ1 ስለሚበልጥ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ሦስቱንም በእጃችሁ ሥሯቸው። ከዚያም `(n/(n+1))^(n²)` እና `(n/(n+1))ⁿ` ን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የመጀመሪያውን ሩት ቴስት በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ሩት ቴስት 1 ሰጥቶ ዝም ሲል የዜሮ ቴስት ይፈርዳል፤ ተርሙ የሚሄደው ወደ `1/e` እንጂ ወደ ዜሮ አይደለምና።

ዓርብ ማታ። ምልክታቸው የሚፈራረቅ ሲሪሶች። መጀመሪያ ምልክቱን አስወግዳችሁ በፍጹም ዋጋ ኮንቨርጅ ማድረጉን ፈትሹ፤ ከሆነ ሥራው አልቋል። ካልሆነ ወደ ኦልተርኔቲንግ ቴስት ሂዱና ሁለቱንም ሁኔታዎች አረጋግጡ፦ ወደ ዜሮ መሄዱንም፣ እየቀነሰ መሄዱንም። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘላል። ከ`n = 2` የሚጀምረው `Σ (−1)ⁿ/(√n + (−1)ⁿ)` ይፈራረቃል፣ ወደ ዜሮም ይሄዳል፤ እየቀነሰ ግን አይሄድም። ላዕሉንም ታህቱንም በ`√n − (−1)ⁿ` ስታባዙት `(−1)ⁿ√n/(n−1)` ሲቀነስ `1/(n−1)` ይሆናል፤ የመጀመሪያው ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ ሁለተኛው አያደርግም፤ ስለዚህ ጠቅላላው ዳይቨርጅ ያደርጋል።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ጣና ዳር ከትልቁ ዋርካ ሥር። እያንዳንዳችሁ ስምንት ስምንት ሲሪስ ከየቦታው መርጣችሁ በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ትመጣላችሁ፤ አርባ ይሆናሉ። ከምዕራፉ መጨረሻ በቅደም ተከተል አትገልብጡ፤ ጥያቄው የተወሰደበት ክፍል ርዕስ ቴስቱን አስቀድሞ ይነግራችኋልና። ወረቀቶቹን በአንድ ፌስታል ቀላቅለን አንድ በአንድ እናወጣለን። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁላችሁም የቴስቱን ስምና ምክንያቱን በዝምታ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ታነጻጽራላችሁ። ከሐይቁ ነፋስ ስለሚነሳ ለወረቀቶቹ ድንጋይ አዘጋጁ፤ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

የተለያየ መልስ ስትሰጡ ደስ ይበላችሁ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ለምሳሌ `Σ 4ⁿ(n!)²/(2n)!` ቢወጣ አምስታችሁም ሬሾ ትላላችሁ፤ ትክክልም ናችሁ። ስትሠሩት ግን ሬሾው `(2n+2)/(2n+1)` ይሆንና ሊሚቱ 1 ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ቴስቱ አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ሊሚቱን ትታችሁ ሬሾውን ራሱን ብትመለከቱት ግን ሁልጊዜ ከ1 ይበልጣል፤ ይህ ማለት ተርሞቹ እያደጉ ይሄዳሉ፣ ወደ ዜሮም ሊሄዱ አይችሉም ማለት ነው። የከሸፈ የሚመስለው ስሌት መልሱን በውስጡ ይዞ ነበር። አንድ ቴስት 1 ሲሰጣችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት የሠራችሁትን አንድ ጊዜ መልሳችሁ አንብቡት።

የተሳሳታችሁባቸውን ወረቀቶች ለየብቻ አስቀምጡ። እሑድ የምትሠሩት እነርሱን ነው።

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሱ ስላላችሁ የምንጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከቅዳሜ ስህተቶች ስድስቱን በ90 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ፍቱ፤ በእያንዳንዱ ላይ የቴስቱን ስም፣ ቅድመ ሁኔታው መሟላቱን፣ ስሌቱንና ድምዳሜውን ጻፉ። አራሚው የሚያየው የጻፋችሁትን ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ አዲስ ጥያቄ አትክፈቱ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ተኙ።

ሰኞ፣ ፈተናው ላይ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ምንም አታስሉ። በእያንዳንዱ ሲሪስ አጠገብ በእርሳስ የመረጣችሁትን ቴስትና ተርሙ በጠባዩ የሚመስለውን ጻፉ፤ በማያሻማው ጀምሩ፤ ምልክት ያልጻፋችሁበትን ወደ መጨረሻ አቆዩት።