በርበሬ ተራ፣ ኅዳር 12

ናቲ ያስነጠሰው በርበሬው ገና ሳይታይ ነው። አንዴ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ሦስተኛው ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀኑ ኅዳር 12 ስለሆነ ከየመንደሩ የተነሣው የቆሻሻ ጭስ ከንጋት ጀምሮ መርካቶ ላይ ተኝቷል። የደረቀ ቅጠል፣ የፌስታልና የአሮጌ ጫማ ሽታ በአንድነት ይከረፋል። በርበሬው ግን ከጭሱ ሥር ሾልኮ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አይሸትም፤ ጉሮሮን ይከረክራል፣ አፍንጫ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

«የሹራብህን አንገት ወደ ላይ ሳበው» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር አጣፍተው። «ዓይንህን ግን እንዳትነካ። ዛሬ እጅህ ያንተ አይደለም።»

«እስካሁን ምን ነካሁ እትዬ?»

«ትነካለህ።»

ከግራ ካልሲው ውስጥ የታጠፈው 6 ሺህ ብር በየእርምጃው ቁርጭምጭሚቱን ይፈትገዋል። ሠላሳ ባለሁለት መቶ ኖት። ከቤት ሲወጡ እትዬ ራሳቸው ናቸው ጎንበስ ብለው የከተቱለት። «የኔን መቀነት ሌባው ሁሉ ያውቀዋል» አሉ፤ የልጅ ካልሲ ውስጥ ገንዘብ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ላቡ ከካልሲው አልፎ ጫማው ውስጥ መንሸራተት ጀምሯል። ናቲ ሰው በገፋው ቁጥር ግራ እግሩን መሬት ላይ ተጭኖ ይቆማል።

የሚገፋው ሰው ደግሞ አያልቅም።

«መንገድ! መንገድ!»

ድምፁ ከጀርባው ይምጣ ከጆሮው ሥር ሳይለይ አንድ ተሸካሚ በጎኑ አለፈ። ሰውየው አይታይም፤ የሚታየው በገመድ የታሰረ የስፖንጅ ፍራሽ ክምርና ከሥሩ የሚሮጡ ሁለት ባዶ ባቶች ናቸው። የፍራሹ ላስቲክ ናቲን ጉንጩ ላይ ገርፎት ሄደ። ከኋላው ሁለት ወጣቶች የሚገፉት የሽንኩርት ጋሪ መጣ፣ ጎማው ከጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ሁለት ሽንኩርት ተንከባለለ፣ አንዲት ሴት ሳትጎነበስ በእግሯ አስቁማ ወደ ዘንቢሏ ከተተችው። ሁለተኛውን ማን እንዳነሣው አልታየም። ከምናለሽ ተራ በኩል የበርሜል ቅጥቀጣው ያስተጋባል፤ አንዱ መዶሻ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። ሎተሪ አዟሪው ከዚያ በላይ ለመጮህ ይሞክራል። አንድ አይሱዙ መኪና መንገዱን ዘግቶ ጡሩንባውን ተጭኖ ቀርቷል፣ ማንም አልዞረለትም።

«ያዘኝ» አሉ እትዬ። ናቲ የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጠ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የክፍሉ ልጆች ቢያዩት ምን እንደሚሉ አሰበና ጭብጡን አጠበቀ።

ከዚያ ኩርባውን ታጠፉና ሁሉም ነገር ቀይ ሆነ።

ዛላው በማዳበሪያ ተሞልቶ እስከ ቆርቆሮው ጣራ ድረስ ተደርድሯል፣ በየደጁ ደግሞ በሸራ ላይ ተከምሯል፤ አንዱ ደም የመሰለ፣ ሌላው ወደ ቡኒ የሚያደላ። በክምሮቹ መሐል ቀንጣሾቹ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በሻሽ ተጠቅልሎ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ጣቶቻቸው አያርፉም፦ ዛላ ይነሣል፣ ጭራው ቀጭ ይላል፣ ዛላው ወደ ቀኝ፣ ጭራው ወደ ግራ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከጎዳናው ጩኸት ወደዚህ ሲገቡ ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው ይህንን ነው። ያስላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ደግሞ ያስላሉ። እዚህ የሚያስለው ሰው ይበዛል፣ «ይማርህ» የሚል ግን የለም፤ ሲባል ሊዋል ነው?

«እማማ ይምጡ! ማረቆ ነው፣ ንጹሕ ማረቆ!» ነጋዴው ወጣት ነው፤ እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ ሰክቷል፣ ሸሚዙ ነጭ እንደነበር የሚያስታውቀው ብብቱ ሥር ብቻ ነው። «ለእርስዎ 560።»

እትዬ ዋጋውን እንዳልሰሙ ሆነው ከላይ አንድ ዛላ አነሡ። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት። ፍሬው ውስጡ ተንኳኳ። «እሰይ» አሉ። ለናቲ አቀበሉት፤ እሱም ነቀነቀው፣ ሰማው። ጎበጥ ሲያደርገው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባበረ፣ ቢጫ ፍሬው መዳፉ ላይ ረገፈ።

«አየህ አይደል?» አለ ነጋዴው።

«ላዩን አየን» አሉ እትዬ። «ናቲ፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

ገባው። ክንዱን ማዳበሪያው ውስጥ ሰደደ። ላይኛው ፀሐይ የዋለበት ነው፤ ይሞቃል፣ ቆዳን ይቧጥጣል፣ ጣት ሲያልፍበት ይንኮሻኮሻል። አንጓው ድረስ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ክርኑ ድረስ ሲገባ ቀዘቀዘ። እዚያ ታች ዛላው እንደ ቆዳ ይለምጣል እንጂ አይሰበርም፣ ጣቱ ላይም ይለጠፋል። ጨብጦ አወጣ። ጠቁሯል። እትዬ አሸተቱት፣ ምንም ሳይናገሩ ለነጋዴው ወደ አፍንጫው አስጠጉለት።

«ጤዛ ነው እማማ። ሌሊት መኪና ላይ አድሮ...»

«በኅዳር የምን ጤዛ ነው ማዳበሪያ ሰንጥቆ ሥር የሚገባው? ውሃ ረጭታችሁበታል። አሥር ኪሎ ወስጄ ሲደርቅ ስምንት ሊሆንብኝ ነው። ግማሹ እኮ ሪያድ ለልጄ የሚሄድ ነው፤ ሻግቶ ይድረሳት?»

አንዷ ቀንጣሽ ከሻሿ ሥር ሳቀች። ነጋዴው ዞር ብሎ ገላመጣት፣ እሷ ግን መቀንጠሱንም መሳቁንም አልተወችም። ያኔ ከአንዋር መስጊድ የዙህር አዛን ተነሣ፤ ከበርሜሉ ቅጥቀጣ፣ ከጡሩንባው፣ ከሎተሪው በላይ። ነጋዴው እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ፣ መሄድ ፈልጓል። እትዬም ይህን አዩ።

«ከውስጥ ያለውን አምጣ» አሉ። «ለራስህ እናት የምታስቀምጠውን።»

ሌላ ማዳበሪያ ተጎተተ። ናቲ ሳይታዘዝ ክንዱን ከተተ፣ እስከ ብብቱ። እስከ ታች ይሞቃል። እስከ ታች ይንኮሻኮሻል። ራሱን ነቀነቀ። በዚያው መዳፍ ግንባሩን ጠረገ፣ ከግንባሩም ወደ ዓይኑ።

«ነገርኩህ!» አሉ እትዬ።

ዓለሙ በሙሉ ወደ ዓይኑ ገብቶ ተቀጣጠለ። አንዲት ቀንጣሽ ጎትታ አስቀመጠችውና ከጄሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ፊቱ ላይ ደፋችበት፤ ውሃው በአንገቱ ወርዶ ደረቱን ሲያዳርስ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ የሚዛኑን ሰንሰለት ሰማ፣ ድንጋዩ ሲጫን ሰማ፣ «520፣ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም!» የሚለውን የእትዬን ድምፅ ሰማ። ነጋዴው በአላህ ማለ። እትዬ በሚካኤል ማሉ፤ ቀኑም የእርሳቸው ነው። በ520 ተስማሙ።

«ክፈለው ናቲ።»

አንድ ዓይኑን ገልጦ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ውስጥ የነበረው ብር እንደ እግሩ ተጣሟል፤ ሙቅ ነው፣ ርሷል። ሃያ ስድስቱን እየላጠ ቆጠረ። ነጋዴው በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀበለ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ኖቱን ልክ እትዬ ዛላውን እንዳደረጉት ከጆሮው አጠገብ ነቀነቀ።

«እማማ! ይሄስ? ውሃ ተረጭቶበታል እኮ!»

ቀንጣሾቹ በሙሉ ሥራቸውን አቆሙ።

«ብር ሲደርቅ ኪሎ አይቀንስም» አሉ እትዬ ዘነበች። «ይልቅ አዛኑ ሳያልቅብህ ማዳበሪያውን እሰርልን።»