ጥያቄ

ሳር ቤት፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አስመጪ ድርጅት፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስከረም 28፣ ከጠዋቱ 4፡10። ደሞዝ የሚገባበት ቀን ነው። ቢሮው ሁሉ ስልኩን በሁለት ደቂቃ አንዴ ገልበጥ እያደረገ ያያል።

ህሊና ከተቀጠረች ገና 17ኛ ቀኗ ነው። ሻይ ስትጠጣ እንኳ የማንኪያው ድምፅ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ ነው የምታማስለው። ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ግማሽ ሰዓት ሆኗታል። በመጨረሻ ስልኳን አነሳች። ለፋይናንስ ኃላፊዋ ለወይዘሮ ሰብለ በቴሌግራም እንዲህ ብላ ላከች፦

«ጥያቄ»

በቃ። ሰላምታ የለ፣ ነጥብ የለ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው።

ወይዘሮ ሰብለ ባንክ ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ የ31 ሠራተኛ የደሞዝ ዝርዝር፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አለ። የወረፋ ቁጥራቸው 114። ሰሌዳው ላይ 109 ይላል። ስልካቸው ነዘረ።

«ጥያቄ» የሚለውን አነበቡ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ደግመው አነበቡ።

ለብቻው ሲመጣ ይሄ ቃል ደስ አይልም። የደሞዝ ጭማሪ ጥያቄ አለ። የመብት ጥያቄ አለ። የጋብቻ ጥያቄ አለ። አገራችን ውስጥ «ጥያቄ አለን» ተብሎ በቀላሉ ያለቀ ነገር ወይዘሮ ሰብለ አያስታውሱም። ይቺ ልጅ ልትለቅ ይሆን? በ17 ቀኗ?

«ምን ጥያቄ?» ብለው መለሱ።

ህሊና ስልኩን ገለበጠችው። አየችው። ፊቷ ቀላ።

ህሊና፦ ዳዊት፣ ተቆጡ።

ዳዊት፦ (ከጎኗ፣ ዳቦውን እየገመጠ) እነማን?

ህሊና፦ ወይዘሮ ሰብለ። «ምን ጥያቄ?» አሉኝ።

ዳዊት፦ እና ምን ይበሉሽ? ምን ብለሽ ነው የላክሽው?

ህሊና፦ «ጥያቄ»።

ዳዊት፦ ጥያቄ ምን?

ህሊና፦ ጥያቄ። በቃ።

ዳዊት፦ (ዳቦውን አስቀመጠ) ኧረ በናትሽ! እሳቸውን በልብ ድካም ልትገያቸው ነው?

ህሊና፦ መጀመሪያ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ክፍል ውስጥ እጅሽን ታወጫለሽ፣ ሲፈቀድልሽ ትናገሪያለሽ፤ እንደዛ።

ባንክ ቤት፣ ሰሌዳው 111። ወይዘሮ ሰብለ ስልኩ ላይ አፍጥጠዋል። ህሊና እየጻፈች እንደሆነ ያሳያል። ይጠፋል። ይመለሳል። ይጠፋል። ይሄኔ ሰው የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው።

«የመብት ጥያቄ ነው የደሞዝ?» ብለው ጻፉ። ቀልዳቸው ነው። ግን የሳቅ ምልክት መጨመር አይወዱም፤ ልጆቻቸውም ሁሌ በዚህ ይወቅሷቸዋል።

ህሊና አነበበችው። ወዲያው «ጥያቄ» የምትለዋን መልእክት ከሁለቱም ስልክ አጠፋቻት።

ይሄ ደግሞ ባሰ። አሁን ወይዘሮ ሰብለ ያዩት የራሳቸውን ሁለት መልእክት ብቻ ነው። ደወሉ። አልተነሳም። ደግመው ደወሉ።

ዳዊት፦ አንሺው እንጂ!

ህሊና፦ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ዳዊት፦ (ስልኩን ነጥቆ) ሄሎ፣ ወይዘሮ ሰብለ፣ ዳዊት ነኝ።

ሰብለ፦ ልጅቷ ምን ሆናለች? አመማት?

ዳዊት፦ ኧረ ደህና ናት። ጥያቄ አላት።

ሰብለ፦ እሱንማ ሰምቻለሁ! አቅርባት።

ህሊና፦ (በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ) ጤና ይስጥልኝ።

ሰብለ፦ ህሊናዬ፣ 113 ደርሷል። እኔ 114 ነኝ። ቶሎ በይ።

ህሊና፦ ከተመለሱ በኋላ ብነግርዎት ይሻል ነበር… ምናልባት እኔ ተሳስቼም ይሆናል…

ሰብለ፦ ተሳስተሽም ቢሆን ንገሪኝ።

ህሊና፦ የደሞዝ ዝርዝሩ ላይ ነው። ጡረታው።

ሰብለ፦ ጡረታው ምን ሆነ?

ህሊና፦ 7 በመቶው ከመነሻ ደሞዝ አይደለም እንዴ የሚቆረጠው?

ሰብለ፦ ነው እንጂ።

ህሊና፦ ፋይሉ ላይ ግን ከትራንስፖርት አበሉ ጋር ተደምሮ ነው። ከጠቅላላው ነው የሚያባዛው።

ዝም አሉ። በስልኩ ውስጥ የወረፋ ማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ «ቁጥር 114፣ መስኮት 3»።

ሰብለ፦ ሰባተኛው መስመር ላይ ምን ይላል? አንብቢልኝ።

ህሊና ስክሪኑ ላይ ያለውን አነበበች፦

```
=F7*7%
```

ህሊና፦ ኤፍ ጠቅላላው ነው። መነሻው ዲ ላይ ነው ያለው። እንዲህ መሆን የነበረበት ይመስለኛል፦

```
=D7*7%
```

ህሊና፦ የአሠሪው 11 በመቶም እንደዚሁ ነው።

ሰብለ፦ ስንት ብር ልዩነት አለው?

ህሊና፦ ሰባተኛው መስመር ላይ ያሉት መነሻቸው 12,000 ነው፤ ትራንስፖርታቸው 1,500። መቆረጥ የነበረበት 840 ነው። የተቆረጠው 945።

ሰብለ፦ 105 ብር። አበል ያላቸው 18 ናቸው።

ህሊና፦ አዎ። ሁሉም ትራንስፖርታቸው እኩል ነው። በወር 1,890።

የመስኮት 3 ሠራተኛ፦ እናቴ፣ ተራዎ አይደል እንዴ?

ሰብለ፦ ይቅርታ የኔ ልጅ፣ የሚቀጥለውን አስተናግድ። (ወደ ስልኩ) መጣሁ። ማንም ምንም እንዳይልክ።

ከባንኩ ሳር ቤት በእግር 15 ደቂቃ ነው። ወይዘሮ ሰብለ በዘጠኝ ደቂቃ ደረሱ። ሊፍቱ ያው እንደልማዱ አይሠራም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ህሊና ብድግ አለች።

ሰብለ፦ ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። መቼ ነው ያየሽው?

ህሊና፦ ትናንት ማታ።

ሰብለ፦ ትናንት ማታ! ዛሬ ጠዋት እዚህ ፊትሽ ቆሜ ስፈርም አልነበረም? ብዕር ያቀበልሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ህሊና፦ ነኝ።

ሰብለ፦ ታዲያ?

ህሊና መልስ አልሰጠችም። ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። የፋይሉ ስም ጎን፣ ያዘጋጀው ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታ «ሰብለ» ይላል። ቀኑ ሐምሌ ነው፤ የትራንስፖርት አበሉ የተጀመረበት ወር።

ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉ። ረጅም ጊዜ ነው የጠረጉት።

ሰብለ፦ እኔው ነኝ ለካ።

ህሊና፦ ይቅርታ።

ሰብለ፦ አንቺ ምን አድርገሽ? (ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ) የሐምሌና የነሐሴው ሄዷል ማለት ነው። 3,780 ብር የሰው ገንዘብ ያላግባብ ቆርጫለሁ። የጥበቃው ጋሽ መኮንን «ተቆራጩ በዛብኝ» ሲሉኝ ምን እንዳልኳቸው ታውቂያለሽ? «የበዛብዎት ኑሮው ነው እንጂ ተቆራጩ አይደለም» አልኳቸው።

ዳዊት ሳቁን ለመዋጥ ዳቦውን ጎረሰ።

ሰብለ፦ ዳዊት፣ አንተ ዝርዝሩን አስተካክለህ አትም፤ የሁለቱ ወር ተመላሽ የሚያሳይ ዓምድ ጨምርበት። ህሊና፣ አንቺ አረጋግጪ። እያንዳንዱን መስመር። እና ለኔ ስትጽፊ…

ህሊና፦ ሁለተኛ አልጽፍም።

ሰብለ፦ ኧረ ጻፊ! ግን ሙሉውን ጻፊው። «የጡረታው ስሌት ከጠቅላላ ደሞዝ ነው የወሰደው፣ ባንክ ሳይገባ ይዩት» በይኝ። እሱን ባነብ ኖሮ ከ109 ቁጥር ላይ ነበር የምመለሰው።

ህሊና፦ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው።

ሰብለ፦ 112 እስኪደርስ የመልቀቂያ ደብዳቤሽን በሐሳቤ ጽፌ፣ በምትክሽ ሰው ቀጥሬ ነበርኮ!

ህሊና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ዝርዝር ታተመ። የቀረው ፊርማ ነው። ከፊርማው በፊት ግን ባለቤቱ፣ ጋሽ ታደሰ፣ ማወቅ አለባቸው። ዱከም መጋዘን ናቸው። ወይዘሮ ሰብለ ስልካቸውን አወጡ። ጻፉ። አጠፉ። እንደገና ጻፉ። አጠፉ።

ህሊና ከጎናቸው ቆማ ወረቀቱን በስቴፕለር ልታያይዝ ስትል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጥያቄ ነበረኝ»

ሰብለ፦ ምን ያስቅሻል?

ህሊና፦ ኧረ ምንም!

ሰብለ፦ (ስልኩን አቀበሏት) እንኪ፣ አንቺው ጻፊልኝ።