ጉዳዩ፦ ለነፃ የትምህርት ዕድል የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ሲስተር ብርቱካን
ደሴ

ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰዓዳ ነኝ፤ በሕፃናት ዋርድ ያሠለጠኑኝ የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ።

በሕፃናት ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ለነፃ የትምህርት ዕድል እያመለከትኩ ነው። በተግባር ልምምድ ላይ ካየኝ መምህር ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ሥራዬን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከተቻለ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል የሠራሁትን ቢጠቅሱልኝ ደስ ይለኛል። ሌሊትም ሳይቀር ኤፍ 75 ወተቱን በየሦስት ሰዓቱ ስሰጥ፣ ክብደት መዝኜ ስመዘግብ አይተውኛል። ከወረኢሉ የመጣችው እናት ልጇ አልጠባ ብሎ ስትጨነቅ፣ «ልጁን ብቻ አትዪ፣ እናቲቱንም እያት» ያሉኝ እዚያ ነው። በሕፃናት ዘርፍ ለመቀጠል የወሰንኩትም በዚያን ጊዜ ነው። ማሻሻል ያለብኝ ነገር ካለም ይጻፉት፤ ቅር አይለኝም።

ማመልከቻው ሚያዝያ 20 ይዘጋል። ደብዳቤውን በኢሜይል በቀጥታ የሚልኩት እርስዎ ነዎት። አድራሻውን፣ ሲቪዬንና የውጤት ማስረጃዬን አያይዣለሁ። የሥራ ጫና ካለብዎት ግን ሳይጨነቁ ይንገሩኝ፤ ሌላ መምህር እጠይቃለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ዋርድ ስለምገባ በአካልም ላገኝዎት እችላለሁ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ተማሪዎ
ሰዓዳ