ለአቤ፣ በቡሄ ዕለት

አቤ፣ እንኳን ተወለድክ!

ሙሉጌታ ነኝ፣ የጎንደሩ፣ የጨጨላው ሙሌ። ስሜን ስታይ ግር ሊልህ ይችላል፤ ከተያየን 23 ዓመት ሆነን። ቁጥርህን የሰጠኝ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት የሰፈራችን ልጅ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ጎንደር ግን ነግቷል፣ ነሐሴ 13 ገብቷል። ልጆቹ ጅራፋቸውን ይዘው ሳይወጡ ልቅደማቸው ብዬ ነው።

የሰው ልደት ብዙም አልይዝም። ያንተ ግን ጠፍቶብኝ አያውቅም። እንዴት ይጠፋል? እትዬ በላይነሽ «ይኼን ልጅ የሰጠኝ ቡሄ ነው» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ያወሩ ነበር። ሆያ ሆዬ ስንዞር አንተ አውራጅ፣ እኔ ሙልሙል ተሸካሚ። ድምፅህ ተዘግቶ እንኳ ማውረዱን ለማንም አትለቅም ነበር።

ያቺ የጧፏ ማታ ትዝ ትልሃለች? ልደት ላይ ሻማ ይነፋል ሲባል ከየት እንደሰማን እንጃ፣ ያስቀመጡልህ ሙልሙል ላይ ጧፍ ሰካንበት። እናትህ ደርሰው «ጧፍ በአፍ አይጠፋም!» ብለው ተቆጡን። ከዚያ አጠገባችን ቁጭ አሉና ነዶ እስኪያልቅ አብረውን ጠበቁ። ሙልሙሉን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። ልደቱ ያንተ፣ ትልቁ ግማሽ የእኔ።

አቤ፣ እትዬ በላይነሽ ማረፋቸውን ያኔውኑ ሰምቻለሁ። አምስት ዓመት ሆነው። ስልክ አንስቼ አስቀመጥኩ። «ይህን ሁሉ ዘመን ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ?» አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ቀኑ በገፋ ቁጥር ሐፍረቱ ባሰ። እጃቸው ላይ ያደግሁ ልጅ ለቅሷቸውን አልደረስኩም። በ1994 ስምንተኛን ጨርሰን እኔ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የላክልኝን ሁለተኛ ደብዳቤም አልመለስኩም። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን ይማር። በልደትህ ቀን ኀዘን መቀስቀሴ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ግን ይህን ሳልል ሌላውን ማለት አልቻልኩም።

አሁን እንዴት ነህ? አግብተህ ሁለት ልጆች እንዳሉህ ሰምቻለሁ። ለእኔም የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ዛሬ ማታ ሙልሙል ልጋግርላት ብዬ ዳቦው ጠነከረብኝ። ስለ አንተ ስነግራት «ለምን አትደውልለትም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በእናንተ 3 ሰዓት ላይ ልደውልልህ? ካልተመቸህ የሚመችህን ንገረኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እነሳለሁ። ስልኩን ስታነሳ ሰላምታው ይቆየን። መጀመሪያ አውርድልኝ፣ እኔ እቀበልሃለሁ።

ሙሌ